በቴሌግራም የሚዞር ቁጥር ለድርሰት ማስረጃ ይሆናል? እንዴት እንደሚፈተሽ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለው ስለ እምቦጭ ድርሰት የሚጽፉ ሁለት የክፍል ጓደኛሞች አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ አልተስማሙም። «የናይል ውሃ 86 በመቶው ከጣና ስለሚመጣ፣ ጣና ከደረቀ ናይል ይደርቃል» ይላል። ቁጥሩን ያመጣው ወንዱ ነው፤ ከቴሌግራም። ልጅቷ አልተቀበለችውም።

«ይህን ያህል ሰው ሼር ያደረገው ነገር ውሸት ነው ልትይኝ ነው?»

«ሼሩን ተወው። 86 በመቶው የምን ነው? የት ላይ የተለካ?»

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው። ቁጥሩን ብቻ ጎግል ብታደርጉት «86» በየቦታው ይወጣና የተረጋገጠ ይመስላችኋል። ከቁጥሩ ጋር የተጻፈውን ስም አንብቡ። 86 በመቶ የሚባለው ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በሙሉ፣ ማለትም በአባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል፣ ግብፅ ውስጥ አስዋን የሚደርሰው ውሃ የዓመት አማካይ ድርሻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም፤ ሲዞር ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ። እንዲህ ያለው ከለየለት ውሸት ይልቅ ያሳስታል ባይ ነኝ።

ቀጥሎ የስልካችሁን ካልኩሌተር ክፈቱና ቁጥሮቹን አካፍሉ። ናይል አስዋን ሲደርስ በዓመት ወደ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። አባይ ሱዳን ድንበር ላይ ወደ 50 ቢሊዮን ይሆናል። ከጣና የሚወጣው ግን 4 ቢሊዮን ገደማ ነው። 4 ለ84 ሲካፈል 5 በመቶ እንኳ አይሞላም።

«አባይ የሚነሳው ከዚህ አይደል እንዴ? የቀረው ከየት መጣ?»

«መነሻው እዚህ ነው፤ የሚሞላው ግን መንገድ ላይ ነው። በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስ፣ በለስ ሁሉም ከጣና በታች ነው የሚገቡት።»

ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ 86ቱን አጥፍቼ 5 ልጻፍ?» አላት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን ካረማችሁ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና አንብቡት። የናይል 5 በመቶ የማይሞላ ውሃ ቢቀር ናይል ይደርቃል? አይደርቅም። ቁጥሩ ሲስተካከል ሐሳቡ ከወደቀ፣ መቀየር ያለበት ሐሳቡ ነው። የቴሌግራሙን ቁጥር ማቆየት የሚቻለው «እንዲህ እየተባለ ይወራል» ለማለት ብቻ ነው።

«ለመሆኑ ማለት የፈለግኸው ምንድን ነው?»

«እምቦጭ ዓሣ አጥማጁን እየጎዳ ነው። ጀልባ አያሳልፍም፣ መረብ ይይዛል።»

«ታዲያ ናይልን ምን አመጣው? አረሙ የሸፈነውን ስፋት ፈልግ።»

ፈልጎ አንድ የሄክታር ቁጥር አገኘና ጻፈው። እሷ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች። እምቦጭ ከክረምት በኋላ ይሰፋል፣ በበጋ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የጥቅምትና የግንቦት ልኬት አንድ አይሆንም።

«በየትኛው ወር የተለካ ነው?» አለችው።

እንደገና ስልኩን አነሳ።