ከአንድ ረጅም ቪዲዮ ለቲክቶክ፣ ለቴሌግራምና ለፌስቡክ የማይደጋገም ሥራ እንዴት ይወጣል?

ሱሉልታ ውስጥ የተዳቀሉ የወተት ላሞችን ከምታረባ ሴት ጋር የተደረገ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ቃለ ምልልስ በዩቲዩብ ተለቋል እንበል። ብዙ አዘጋጆች ከዚህ በኋላ ደመቅ ያለውን አንድ ደቂቃ ቆርጠው በሁሉም ገጾቻቸው ላይ ይለጥፉታል። ተከታዩ ግን በአብዛኛው ያው ሰው ስለሆነ፣ ጠዋት በቲክቶክ ያየውን ማታ በፌስቡክ ሲያገኘው ሳይከፍተው ያልፋል።

የመጀመሪያው ሥራ ቪዲዮውን ከመቁረጥ በፊት ወረቀት ይዞ እንደገና ማየት ነው። በወረቀቱ ላይ የተመለሰውን ጥያቄ፣ መልሱ የሚገኝበትን ደቂቃና በዚያ ጊዜ በምስሉ ላይ የሚታየውን ነገር ጎን ለጎን ይጻፉ። የአንድ ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ አይገኝም፤ ስለ ድርቆሽ በ6ኛው ደቂቃ የተጀመረው ወሬ በ31ኛው ደቂቃ ሊቋጭ ይችላል። በዚህ ቃለ ምልልስ ለብቻቸው መቆም የሚችሉ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ እነርሱም የላም ጡት መታመሙ በምን ይታወቃል፣ ድርቆሽ መቼና ምን ዓይነት ይገዛ፣ የመኖ ዋጋ ሲወደድ ላም ማርባት ያዋጣል ወይ የሚሉት ናቸው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ጥያቄ እንደ ጠባዩ ቦታ ይሰጠዋል። በእጅ ሲሠራ መታየት ያለበት ለቲክቶክ፣ ተቀምጦ በሚያስፈልግ ጊዜ የሚነበበው ለቴሌግራም፣ ሰው የሚከራከርበት ለፌስቡክ ይሆናል።

ብዙ ድካም የሚጠይቀው የቲክቶኩ ነው። ሴትዮዋ ከማለቧ በፊት ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ጥቂት ወተት ጥቁር ኩባያ ውስጥ አልባ ታያለች፤ ወተቱ የረጋ ፍርፋሪ ወይም ደም ካለበት ጡቱ ታሟል ማለት ነው። በአግድም የተቀረጸ የ1920 በ1080 ምስል ወደ ቁም ሲቆረጥ ከወርዱ የሚቀረው 607 ፒክስል ገደማ ብቻ፣ ማለትም ከሲሶው ጥቂት የሚያንስ ነው። መሃሉን ብቻ ከቆረጡት የሴትዮዋ ፊት ይታይና ኩባያው ከምስሉ ውጭ ይሆናል። ስለዚህ የሚቆረጠውን ቦታ በየትዕይንቱ እያንቀሳቀሱ እጇን እንዲከተል ያድርጉ፤ ገና ካልተቀረጸ ደግሞ ይህን ክፍል ብቻ በሌላ ስልክ በቁም መቅረጽ ይሻላል። መክፈቻው ሰላምታ ሳይሆን ኩባያው ውስጥ የሚታየው የረጋ ወተት ይሁን። ጽሑፉን ከታችና ከቀኝ ጠርዝ ያርቁት፤ እዚያ የቲክቶክ ምልክቶችና መግለጫ ይሸፍኑታል። ይህንኑ ቁራጭ በኋላ ኢንስታግራም ላይ ለማውጣት ካሰቡ ከቲክቶክ አውርደው አይጠቀሙ፤ ኢንስታግራም የሌላ መተግበሪያ ዓርማ ያለበትን ቪዲዮ ለአዲስ ተመልካች እምብዛም እንደማያቀርብ በ2021 አሳውቋል።

የድርቆሹ ጉዳይ ለቴሌግራም እንደ አዲስ ይጻፋል። ንግግርን ቃል በቃል መገልበጥ አይበጅም፤ ሰው ሲያወራ የሚመላለስበት ሐሳብ ሲነበብ ያሰለቻል። ከፎቶ ሥር ለሚሄድ መግለጫ ክፍያ የማይከፍል ተጠቃሚ የተፈቀደለት 1024 ፊደል ስለሆነ፣ መቼ እንደሚገዛ፣ አረንጓዴነቱ ያልጠፋና ሻጋታ የማይሸት ድርቆሽ እንዴት እንደሚለይ ብቻ ይግባበት። የሱሉልታ ሣር የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ቪዲዮው የተለቀቀበትን ሳምንት ትቶ መስከረም መጨረሻ ላይ ቢወጣ ለገዢው በሰዓቱ ይደርሰዋል። ዋጋ ከተጠቀሰ የተነገረበት ወር አብሮ ይጻፍ።

ለፌስቡክ የሚቀረው የፉርሽካና የፋጉሎ ወጪ ከወተቱ ሽያጭ ጋር የተያያዘበት ስሌቷ ነው። ስሌቱን በጽሑፍ አስቀምጠው፣ ላም የሚያረቡ ሌሎች ሰዎች የራሳቸውን ወጪ እንዲጽፉ ይጠይቁ። ቪዲዮ አያስፈልገውም።

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ የሦስቱን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ያንብቡ። የአንዱን መክፈቻ ለሌላው ቢሰጡት የሚስማማ ከሆነ ተደጋግሟልና አንደኛው እንደገና ይጻፍ። «ሙሉውን ዩቲዩብ ላይ ይመልከቱ» ካልተባለ ትርጉም የማይሰጥ ቁራጭም ማስታወቂያ እንጂ ሥራ አይደለም። ቪዲዮው የመለሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሦስት ለማውጣት መታገል ከንቱ ነው።

ከመለቀቁ በፊት አንድ ነገር ይጣራ። ሴትዮዋ በ12ኛው ደቂቃ የታመመችውን ላም መድኃኒት እንዳስወጋቻት፣ በ29ኛው ደቂቃ ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዘው ቀን እስኪያልፍ ወተቷን እንደደፋችው ብትናገር፣ የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ቁራጭ መድኃኒት ያለበትን ወተት የምትሸጥ ያስመስላታል። ሁለቱ ንግግሮች በአንድ ቁራጭ ይግቡ፤ ጊዜው ካልበቃ ሁለቱም ይቅሩ።