የትውስታን ሞዴል በተረት ስታጠኑ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው?

የሥነ ልቦና ትምህርቱ ስላይድ ላይ ሦስት ሣጥኖች አሉ፦ የስሜት ህዋሳት ትውስታ፣ የአጭር ጊዜ ትውስታ፣ የረጅም ጊዜ ትውስታ። በመሃላቸው ቀስቶች። አትኪንሰንና ሺፍሪን እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረቡት ሞዴል ነው። እሱን በአጭር ተረት ለመያዝ መሞከር ሞኝነት አይደለም። ባወርና ክላርክ በ1969 ባደረጉት ሙከራ ቃላትን በታሪክ እያያያዙ ያጠኑ ተማሪዎች በመጨረሻ 93 በመቶውን አስታውሰዋል። እንዲሁ ያጠኑት 13 በመቶ ላይ ቀሩ። ግን እነሱ ያጠኑት የቃላት ዝርዝር ነበር። ሞዴል ደግሞ ዝርዝር አይደለም። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለደረጃዎቹ ስም ብቻ መስጠት

የኔ የመጀመሪያ ተረት ውስጥ ስሜት የሚባል ልጅ፣ አጭር የሚባል ጓደኛውና ረጅም የሚባል አያቱ ነበሩ። መንገድ ላይ ይገናኛሉ፣ አብረው ይሄዳሉ፣ አለቀ። ፈተና ላይ ሦስቱም ስሞች ከች አሉልኝ። ጥያቄው ግን መረጃ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው በምን ያልፋል የሚል ነበር። ተረቴ ስለዚያ ትንፍሽ አላለም።

ስለዚህ ቀየርኩት። አንዲት እንግዳ ተቀባይ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ውጭ ሰው ይተራመሳል። እያንዳንዱ ፊት ብልጭ ብሎ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ይጠፋል። እሷ ግን አንዷን ሴት ትኩር ብላ አየቻት፤ ሴትየዋም ገባች። ውስጥ ጠባብ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ቢበዛ ሰባት ሰው ገደማ ይይዛል። ስሟ እየተጠራ እስካለ ድረስ ሴትየዋ ትቀመጣለች። ስሟ ብዙ ጊዜ በተጠራ ቁጥር ወደ ጓዳ የመግባት ዕድሏ ይጨምራል። ጓዳው ማለቂያ የለውም።

መስኮቱ የስሜት ህዋሳት ትውስታ፣ ወንበሩ የአጭር ጊዜ ትውስታ፣ ጓዳው የረጅም ጊዜ ትውስታ ነው። አሁን ቀስቶቹም ሥራ አገኙ። ትኩር ብሎ ማየቱ ትኩረት ነው፣ ስም መጥራቱ መደጋገም ነው። ተረቱን ሳትቆርጡ «ለምን አለፈች?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ተረቱ ውስጥ ከሌለ ቀስቱ ጠፍቷል ማለት ነው።

የሚጠፉትን መርሳት

ተረት ስንጽፍ ባለታሪኳ እንድትደርስ እንፈልጋለን። ፈተና ደግሞ ስላልደረሱት መጠየቅ ይወዳል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አጠፋፍ አለው፣ እነሱን መደባለቅ ነጥብ ያስከፍላል። መስኮቱ ላይ የሚጠፋው ያልታየው ነው። ወንበሩ ላይ ግን ሁለት መንገድ አለ፦ ስሟ መጠራቱ ካቆመ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ተነስታ ትሄዳለች፤ ወንበሩ ሞልቶ ሳለ አዲስ ሰው ከመጣ ደግሞ ተገፍታ ትወድቃለች። ጓዳ የገባች ሴት ብዙውን ጊዜ እዚያው አለች፣ የት እንደተቀመጠች ነው የሚጠፋው። «ስሙ ምላሴ ላይ ነው» የምንለው እኮ እሱ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ሰባቷን ቁጥር እንደ ሕግ አትያዙ። ሚለር በ1956 ያለው ሰባት፣ ሁለት ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ነው። ከሱ በኋላ ኮዋን በ2001 ወደ አራት አውርዶታል። ስላይዳችሁ ላይ የተጻፈውን ያዙ።

ተረቱን ጓዳ ውስጥ መጨረስ

ሴትየዋ ጓዳ ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ ደስ ይላል። ግን ስላይዱ ላይ ወደኋላ የሚመለስ ቀስት አለ። በኋላ ሴትየዋ ስትፈለግ ጓዳ ውስጥ ሆና አትናገርም። እንግዳ ተቀባይዋ ትጠራታለች፣ ሴትየዋም ወጥታ እዚያው ጠባብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምታወራው። አሁን የምናስበው ነገር ሁሉ የአጭር ጊዜው ትውስታ ላይ ያለ ነው፣ ከድሮ የመጣም ቢሆን። ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ባለመጻፌ ስንቴ እንደተሳሳትኩ!

ተረቱን ደጋግሞ ማንበብ

ስታነቡት ቀላል ይመስላል፣ ያታልላል። ስላይዱን ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ከተረቱ ተነስታችሁ ሣጥኖቹንና ቀስቶቹን ሳሉ። ከዚያ ከስላይዱ ጋር አስተያዩ። የጎደለው ቀስት ተረቱ ውስጥም የደከመው ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ብቻ አርሙት።

ለትችቱ ሲባል ተረቱን ማጣመም

ቀጣዩ ስላይድ ላይ ምናልባት ሞዴሉን ለመተቸት ኬ.ኤፍ. የሚባለው ታካሚ ይመጣል። ሻሊስና ዋሪንግተን በ1970 የጻፉለት ነው። የአጭር ጊዜ ትውስታው ክፉኛ ተጎድቶ ሳለ አዲስ ነገር ለረጅም ጊዜ መያዝ ይችል ነበር። በኛ ተረት ግን ጓዳ የሚገባው በወንበሩ በኩል ብቻ ነው። ለሱ ብላችሁ ሌላ በር አትክፈቱ። ወንበሩ ተሰብሮ ጓዳው ሰው ሲሞላ እንግዳ ተቀባይዋ ግራ ገብቷት ስትቆም ሳሏት። ፈተናው ሞዴሉ የቱ ጋ እንደሚሰናከል ሲጠይቅ የምትጽፉት ያንኑ ግራ መጋባቷን ነው።