ሳይለንሰር ተገጥሞም ጸጥ ያላለ ስቱዲዮ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ በድምፅ መቅጃ ክፍላቸው የአየር መስመር ላይ ሳይለንሰር አስገጥመው ጫጫታው ግን ላልጠፋላቸው ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ፊልተሩ ንጹሕ መሆኑ፣ ፋኑ በትክክለኛው አቅጣጫ መሽከርከሩና በፋኑና በዳክቱ መካከል ያለው የሸራ መጋጠሚያ አለመቀደዱ አስቀድሞ እንደታየ ቈጥሬ እነሣለሁ።

ከሁሉ በፊት ግቡ በቁጥር መታወቅ አለበት። ለመቅጃ ክፍል የተለመደው ግብ ከኤንሲ 15 እስከ ኤንሲ 20 ነው። ኤንሲ የክፍል ጫጫታ መመዘኛ ኩርባዎች ስም ነው፤ እነዚህን ኩርባዎች አሜሪካዊው የአኩስቲክስ ሊቅ ሊዮ ቤራኔክ በ1957 እ.ኤ.አ. ያቀረባቸው ሲሆን፣ ዋና ጥቅማቸው አንድ ጠቅላላ ዴሲቤል ሳይሆን ለእያንዳንዱ ኦክታቭ ባንድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የድምፅ ድግግሞሽ ክልል፣ የተለየ ጣሪያ ማስቀመጣቸው ነው። ኤንሲ 15 በ63 ኸርዝ 47 ዴሲቤል፣ በ125 ኸርዝ 36፣ በ500 ኸርዝ 22፣ በ1000 ኸርዝ ደግሞ 17 ዴሲቤል ይፈቅዳል። አንድ ባንድ ብቻ እንኳ ጣሪያውን ካለፈ ክፍሉ ግቡን አልመታም፤ የሌሎቹ ባንዶች ዝምታ የእሱን ጥፋት አይሸፍንም። ስለዚህ ልኬቱ የሚወሰደው ድምፃዊው በሚቆምበት ቦታ፣ በኦክታቭ ባንድ፣ አንድ ጊዜ ፋኑ ጠፍቶ አንድ ጊዜ ደግሞ ፋኑ እየሠራ ነው። በስልክ አፕሊኬሽን ተለክቶ «ሠላሳ ዴሲቤል ነው» ተብሎ የሚመጣልኝን ቁጥር አልቀበልም። የስልኩ ማይክሮፎን የራሱ ጫጫታ እዚህ ከምንፈልገው ዝምታ በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚያሳየው ክፍሉን ይሁን ራሱን አይታወቅም።

ምልክት አንድ፦ ጉምጉምታ

የሚሰማው ዝቅ ያለና የማያቋርጥ ጉምጉምታ ከሆነና በልኬቱም ላይ የ125 ኸርዝ ባንድ ብቻውን ከፍ ብሎ ከታየ፣ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ፋኑ ራሱ ነው። ለማረጋገጥ የፋኑን የቅጠሎች ብዛት በደቂቃ ዙሩ አባዝቶ ለ60 ማካፈል ይበቃል። ስድስት ቅጠል ያለውና በደቂቃ 1400 ጊዜ የሚዞር ፋን በ140 ኸርዝ ይጮኻል፤ ይህም በ125 ኸርዝ ባንድ ውስጥ ይወድቃል።

መንስኤው ሳይለንሰሩ በአንድ ቁጥር መገዛቱ ነው። ሻጩ «ሠላሳ ዴሲቤል ይቀንሳል» ሲል ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የ1000 ኸርዝ አካባቢ ቁጥር ነው፤ በ125 ኸርዝ ግን ያው አጭር ሳይለንሰር ከ8 ዴሲቤል ላያልፍ ይችላል። በ125 ኸርዝ የድምፁ የሞገድ ርዝመት ወደ ሦስት ሜትር ስለሚጠጋ፣ ስስ ባፍል፣ ማለትም በሳይለንሰሩ ውስጥ የሚቆመው ድምፅ የሚውጥ ሰሌዳ፣ እና አንድ ሜትር የማይሞላ ርዝመት ሊይዙት አይችሉም። መፍትሔው የባፍሉን ውፍረት ወደ 200 ሚሊሜትር ማሳደግና ሳይለንሰሩን ማስረዘም ነው። የባንድ በባንድ ሰንጠረዥ የሌለውን ሳይለንሰር በምንም ዋጋ አትግዙ። በየሠፈሩ ላሜራ አጥፎ በመሐሉ ስፖንጅ የሚለጥፍ ሠሪ የሚሰጣችሁ ሳጥን ሳይለንሰር አይባልም፤ ስፖንጁ ለእሳት ከመመቸቱም በላይ እየተፈረፈረ በአየሩ ወደ ክፍሉ ይገባል።

ምልክት ሁለት፦ ሽውታ

ደጋግሜ የማየው ይህኛውን ነው። ባለቤቱ ጉምጉምታው ስለቀነሰ ለጥቂት ቀን ይደሰታል፤ ከዚያ በለሆሳስ የሚዘመር መዝሙር ወይም የክራር ቅጂ ሲሠራ ከጀርባ የማያባራ ሽውታ ያገኛል። ቴክኒሻኑ ተጠርቶ ሌላ ተመሳሳይ ሳይለንሰር ከመጀመሪያው ቀጥሎ ይሰካል፤ ሽውታው ግን ወይ ባለበት ይቆያል፣ ወይ ይብሳል።

ምክንያቱ ሳይለንሰር ድምፅ የሚያጠፋ ብቻ ሳይሆን ድምፅ የሚፈጥርም ዕቃ መሆኑ ነው። ባፍሎቹ የዳክቱን ስፋት ግማሽ ሲይዙ በመካከላቸው የሚያልፈው አየር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ ከባፍሎቹ መጨረሻ ሲወጣም ይናወጣል። ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ይህ የራሱ ጫጫታ ከ15 እስከ 18 ዴሲቤል ይጨምራል፣ የግፊት ኪሳራው ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከዳክቱ ጋር እኩል አፍ ያለው ሳይለንሰር፣ ሲገጥሙት ቢመችም፣ ለስቱዲዮ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጠባብ ነው።

ጥፋቱ የሳይለንሰሩ መሆኑን የሚያረጋግጠው ፈተና ይህ ነው። ፋኑን አጥፉ፤ ከሳይለንሰሩ በፊት ባለው የዳክት ክፍል ውስጥ ድምፅ ማጉያ አስገብታችሁ ሁሉንም ባንዶች የያዘውን የሙከራ ድምፅ፣ ፒንክ ኖይዝን፣ አጫውቱ፤ ከዚያም ከሳይለንሰሩ በፊትና በኋላ ለኩ። ልዩነቱ ከካታሎጉ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ሳይለንሰሩ የሚመጣበትን ድምፅ በሚገባ እየያዘ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ፋኑ ሲነሣ በ500 እና በ1000 ኸርዝ ሽውታ ካለ፣ ያ ድምፅ የተወለደው በሳይለንሰሩ ውስጥ ወይም ከእርሱ በኋላ ነው። ከዚያ አየር ወደ ክፍሉ የሚገባበትን ግሪል አውልቃችሁ እንደገና ለኩ። ሽውታው ከወረደ ጥፋተኛው ግሪሉ ነው፤ ካልወረደ ወደ ሳይለንሰሩ ተመለሱ።

በአዲስ አበባ ይህ ችግር የሚበረታበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 0.91 ኪሎግራም ገደማ ነው፤ ካታሎጎች ግን የሚዘጋጁት ለ1.2 ነው። ተመሳሳዩን ሙቀት ለማውጣት በይዘት ሲሶ ያህል ተጨማሪ አየር ያስፈልጋል፤ በዚያው ዳክት ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ አየር ማለት ተጨማሪ ፍጥነት ነው። ሳሳ ያለ አየር የሚፈጥረው ጫጫታ በጥቂቱ ያነሰ ቢሆንም የፍጥነቱን ጉዳት አያካክስም።

አንድ የመቅጃ ክፍል በዝርዝር እንይ። ከሰዎች፣ ከመብራትና ከመሣሪያ የሚወጣው ሙቀት 3 ኪሎዋት ሲሆን፣ የሚገባው አየር ከክፍሉ በ8 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በባሕር ወለል ስሌት በሴኮንድ 0.31 ኪዩቢክ ሜትር አየር ይበቃ ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን 0.41 ያስፈልጋል። ዳክቱ 300 በ300 ሚሊሜትር፣ ሳይለንሰሩም እንደዚያው 300 በ300፣ ርዝመቱ 900 ሚሊሜትር፣ ክፍት ቦታው ግማሹ ነበር። አየሩ ወደ ሳይለንሰሩ አፍ የሚደርሰው በሴኮንድ 4.6 ሜትር ሲሆን በባፍሎቹ መካከል 9.1 ሜትር ይሆናል። በክፍሉ የተለካው በ125 ኸርዝ 48፣ በ500 ኸርዝ 38 ዴሲቤል ነበር፤ ለኤንሲ 15 ከሚፈቀደው የመጀመሪያው በ12፣ ሁለተኛው በ16 ይበልጣል። የመጀመሪያው የፋኑ ጉምጉምታ፣ ሁለተኛው የሳይለንሰሩ ሽውታ ነው። ሁለቱን በአንድ መድኃኒት ለማዳን መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው።

ስሌቱ ከፍጥነት ይጀመራል። በባፍሎቹ መካከል በሴኮንድ 3 ሜትር እንዲሆን ከፈለግን 0.137 ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ለ125 ኸርዝ የሚሆነው ባፍል 200 ሚሊሜትር ውፍረት ኖሮት በመካከሉ 100 ሚሊሜትር ክፍተት የሚተው ስለሆነ፣ ክፍት የሚሆነው የአፉ ሲሶ ብቻ ነው። ስለዚህ አፉ 900 በ450 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከዳክቱ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ባለንብረቱ ይህን ሲሰማ «ኮርኒሱ ውስጥ አይገባም» ማለቱ አይቀርም፤ ካልገባ የሚለወጠው ቦታው እንጂ መጠኑ አይደለም። ፍጥነቱ ወደ ሲሶው ሲወርድ የሳይለንሰሩ የራሱ ጫጫታ፣ የሰፋው አፍ የሚጨምረው ተቀንሶለት እንኳ፣ 20 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። 38 የነበረው ወደ 18 ይመጣል፣ ጣሪያው ደግሞ 22 ነው።

ለጉምጉምታው ደግሞ መነሻው ያለ ሳይለንሰር የሚደርሰው ድምፅ ነው፤ 48 ላይ አሮጌው ሳይለንሰር የያዘው 8 ሲደመር 56 ይሆናል። የግፊት ኪሳራው በእጅጉ ስለወረደ ፋኑን ከ1400 ወደ 1100 ዙር ማውረድ ተችሏል፤ ይህ ብቻውን 5 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከቀረው 51 ላይ 36ን ለመድረስ 15፣ ለመጠባበቂያ 3 ተጨምሮ በ125 ኸርዝ 18 ዴሲቤል የሚቀንስ ሳይለንሰር ያስፈልጋል። ይህን የሚሰጠው እያንዳንዳቸው 1.5 ሜትር የሆኑ ሁለት ሳይለንሰሮች በተከታታይ ሲገጠሙ ነው። ፋኑ በአዲሱ ዙር በ110 ኸርዝ ስለሚጮህ ያው ባንድ ውስጥ ነው፤ ስሌቱ አይፈርስም።

አገጣጠሙ ላይ ሦስት ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ከ300 ወደ 900 የሚሰፋው መሸጋገሪያ ቀስ እያለ መስፋት አለበት፤ በድንገት ከተከፈተ አየሩ መሐሉን ብቻ ይዞ ያልፋል፣ በመሐለኛው ክፍተት ያለው ፍጥነትም ስሌቱን ያፈርሳል። ሳይለንሰሩ ከፋኑና ዳክቱ ከሚታጠፍበት ኤልቦ ቢያንስ ሦስት የዳክት ስፋት ያህል ይራቅ። የአየር መጠን ማስተካከያው ዳምፐር ከሳይለንሰሩ በፊት ይሁን እንጂ በፍጹም ግሪሉ ላይ አይሁን። ግሪል ላይ ያለ ዳምፐር በግማሽ ተዘግቶ፣ ከበስተኋላው የተሠራውን ሁሉ ከንቱ ሲያደርግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ግሪሉንም አትርሱት። ለኤንሲ 15 በአየር መግቢያ ግሪል ላይ ያለው ፍጥነት በሴኮንድ 1.3 ሜትር አካባቢ መሆን አለበት፤ ለዚህ ክፍል ከ0.3 ካሬ ሜትር በላይ ክፍት ቦታ ማለት ነው። በግሪል ካታሎግ ላይ የሚጻፈው የኤንሲ ቁጥር ክፍሉ 10 ዴሲቤል ይውጥልኛል በሚል ግምት የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ማይክሮፎኑ ከግሪሉ ሥር በሚቆምበት ጠባብ ቡዝ አይሠራም።

ሌሎቹ ምልክቶች አጭር ናቸው። የድምፃዊው ድምፅ በኮንትሮል ሩም ግሪል ከተሰማ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ዳክት ተገናኝተዋል፤ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ሳይለንሰር ይገጠም። ከሳይለንሰሩ በኋላ ያለው ዳክት በፋን ክፍሉ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ጫጫታው በላሜራው በኩል ተመልሶ ይገባል፤ ሳይለንሰሩ ግድግዳውን ሲያቋርጥ እንዲያበቃ ያድርጉት። የመመለሻ አየር መስመርም እንደ መግቢያው ሳይለንሰር ይፈልጋል፤ ፋኑ በሁለቱም በኩል ይጮኻል። ጉምጉምታው በሳይለንሰር ለውጥ ጨርሶ ካልተነካ ግን የሚመጣው በአየሩ ሳይሆን በስላቡ ነውና ፋኑ የተሰቀለበትን ስፕሪንግ ይመልከቱ።