ደንበኛ «20 በመቶ ቀንሱ» ሲል መልሱ እንዴት ይጻፋል? ዋጋ ሳይነካ ምርቃት መስጠት

እህል ገበያ ላይ ጤፍ የሚሰፍር ነጋዴ «ቀንስልኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ ዋጋውን አይነካም። መስፈሪያውን ሞልቶ ከሰፈረ በኋላ አንድ እፍኝ ይጨምራል። ምርቃት ነው። ገዢውም ደስ ብሎት ይሄዳል፤ የጤፉ ዋጋ ግን ለሚቀጥለው ገዢም፣ ለራሱ ለዚሁ ሰው የሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው ነው። የተቀነሰ ዋጋ ግን እንደ እፍኟ ጤፍ ተበልቶ አያልቅም። ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜ ድርድሩን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ይህንኑ በጽሑፍ፣ ፕሮፎርማ ልከው «በጣም ተወዷል» የሚል መልስ ሲመጣ እንዴት እንደሚሠሩት በአንድ ትዕዛዝ እናሳይ። ደብረ ማርቆስ ያለ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ፍኖተ ሰላም ላለ የግል ትምህርት ቤት 60 ኮምባይንድ ዴስክ ሊሠራ ዋጋ አቅርቧል እንበል። አንዱ 5,000 ብር፣ ጠቅላላው ቫትን ሳይጨምር 300,000 ብር። ትምህርት ቤቱ 20 በመቶ ይቀነስልን ብሎ ጻፈ። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ በራስዎ ይተኳቸው።

መልስ ከመጻፍ በፊት ስሌት

የአንዱ ዴስክ ወጪ እንዲህ ነው፦ ቱቦላሬ፣ ገጹ፣ ኤሌክትሮድና ቀለም 3,400 ብር፤ የበያጅና የቀቢ ጉልበት 600 ብር፤ ኪራይ፣ መብራትና የመሣሪያ እርጅና 400 ብር። ድምሩ 4,400 ነው። ትርፉ 600 ብር፣ በ60 ዴስክ 36,000 ብር ይሆናል።

20 በመቶ ማለት ከአንድ ዴስክ 1,000 ብር ነው። ይህን ከተቀበሉ በእያንዳንዱ ዴስክ 400 ብር ከኪስዎ ይጨምራሉ፤ በ60ው 24,000 ብር። ይህን ሁሉም ያየዋል። የሚያሳስተው «መሃል ላይ እንገናኝ» የሚለው ነው። 10 በመቶ 500 ብር ነው፤ ከአንድ ዴስክ የሚተርፈው 100 ብር፣ ከጠቅላላው ሥራ 6,000 ብር። አንድ መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ ወይም የቱቦላሬ ዋጋ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትንሽ ከፍ ቢል አለቀ። 5 በመቶ እንኳ ቀላል አይደለም። የአንዱ ትርፍ 350 ብር ይሆንና ያንኑ 36,000 ብር ለማግኘት 60 ሳይሆን 103 ዴስክ መሥራት ያስፈልጋል። ቅናሽ የሚወጣው ከዋጋው ሳይሆን ከትርፉ ነው፤ ብረት ሻጩም በያጁም አብረው አይቀንሱልዎትም።

ጥያቄው ከምን እንደመጣ መለየት

በመቶኛ የሚጠይቅና በብር የሚጠይቅ ሰው አንድ አይደሉም። «20 በመቶ ቀንሱ» የሚል አብዛኛውን ጊዜ እየሞከረዎት ነው፤ ጠይቆ የሚያጣው ነገር የለምና። «ያለን 240,000 ብር ብቻ ነው» የሚል ግን ምናልባት እውነተኛ በጀት አለው። ስለዚህ መልሱን ከመጻፍዎ በፊት ስልክ ይደውሉና ሰላምታውን ሳያሳጥሩ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ያስቸገራችሁ ጠቅላላው ገንዘብ ነው ወይስ አንድ ጊዜ መክፈሉ?»

በጀቱ 240,000 ብር ብቻ ከሆነ መፍትሔው ዋጋ ላይ ሳይሆን ብዛት ላይ ነው። በ5,000 ብር 48 ዴስክ አሁን፣ ቀሪው 12 ደግሞ ለሁለተኛው መንፈቅ በጥር። የጥር ወሩ ዋጋ በጊዜው የብረት ዋጋ እንደሚታይ ግን በግልጽ ይነገር፤ ካልሆነ ለስድስት ወር የዋጋ ንረት ዋስ ሆነው መቆምዎ ነው።

«ሌላ ቦታ በ4,200 አግኝተናል» ካሉ ደግሞ አይከራከሩ። ፕሮፎርማውን በፎቶ እንዲልኩልዎ ይለምኑና አራት ነገር ያስተያዩ፦ የቱቦላሬው ውፍረት ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ ገጹ ከምን ነው፣ ማጓጓዣ አለበት ወይ፣ 15 በመቶ ቫቱ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ። ብዙ ጊዜ የዋጋው ልዩነት ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

ምርቃቱን መምረጥ

ጥሩ ምርቃት ለእርስዎ ርካሽ፣ ለደንበኛው ውድ የሆነ ነው። ማጓጓዣ የመጀመሪያው ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱ አይሱዙ ተከራይቶ ደብረ ማርቆስ ቢመጣ ባዶ መምጫውንም ስለሚከፍል 9,000 ብር ያወጣል እንበል። እርስዎ ግን መንገዱ ላይ ነዎት። እህል አዲስ አበባ አራግፎ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባዶውን የሚመለስ መኪና ካገኙ 5,000 ብር ሊበቃ ይችላል። ይህን ቅናሽ ሊያገኙ የሚችሉት ግን ቀኑ ጠበብ ያላለ እንደሆነ ብቻ ነው፤ «ነገ ጠዋት ካልደረሰ» ከተባለ መመለሻ መኪና መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው መለዋወጫ የዴስክ ገጽ ነው። ሦስት ገጽ ቢጨምሩ አንዱ በ350 ብር 1,050 ብር ነው። ለትምህርት ቤቱ ግን የተሰበረ ዴስክ ለወራት ጥግ ላይ ተደግፎ እንዳይቀር ያደርጋል። ሦስተኛው የአንድ ዓመት የብየዳ ጥገና ነው፤ በያጅ ለአንድ ቀን ለመላክ 3,000 ብር ይያዝ። ሥራው ደህና ከሆነ አብዛኛው አይወጣም።

ድምሩ 9,050 ብር። ከ36,000 ብር ትርፍ ሩቡ ነው፤ የ10 በመቶ ቅናሽ ግን 30,000 ብር ይወስድ ነበር።

አሁን በምትኩ የሚጠይቁትን ይምረጡ፤ በነጻ የተሰጠ ምርቃት እንደ ድሮ መብት ይቆጠራልና። እዚህ ሁለት ነገር ያስፈልግዎታል። የተለመደው 50 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ 150,000 ብር ነው፤ የጥሬ ዕቃው ወጪ ግን 204,000 ብር ስለሆነ ቀሪውን በዱቤ ሊይዙ ነው። 70 በመቶ ከሆነ 210,000 ብር ይገባል፤ ብረቱን ዛሬ በአንድ ጊዜ ይገዛሉ። ሁለተኛው ቀን ነው። በሐምሌና በነሐሴ የጎጃም ክረምት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበ ይጨማደድና በትንሽ ጊዜ ይላጣል። መብራትም ይጠፋል። አሥር ቀን መጨመር ለእርስዎ ብዙ ነው፤ መስከረም እስካልደረሰ ድረስ ለትምህርት ቤቱ ምንም አይደለም።

መልሱ ራሱ

«ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበቱ? የ60ውን ዴስክ ፕሮፎርማ አይተው ስለመለሱልን እናመሰግናለን።

20 በመቶ እንድንቀንስ ጠይቀዋል። የአንዱ ዴስክ ዋጋ 5,000 ብር ነው፤ በዚያው ይቆያል። ዋጋው 1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬና ሁለት ጊዜ የተቀባ ቀለም ይዞ ነው። ከዚህ ለማውረድ ከዕቃው መቀነስ ይኖርብናል፤ ያንን ደግሞ ሳንነግርዎ አናደርገውም።

70 በመቶውን እስከ ሐምሌ 20 ከከፈሉና ርክክቡ ነሐሴ 15 መሆኑ ቀርቶ ነሐሴ 25 እንዲሆን ከተስማሙ፣ በዚሁ ዋጋ 60ውንም ፍኖተ ሰላም ግቢዎ ድረስ በእኛ ወጪ እናደርሳለን፤ ራስዎ መኪና ቢከራዩ ወደ 9,000 ብር የሚያወጡበት ነው። ሦስት መለዋወጫ የዴስክ ገጽ እንጨምራለን። ለአንድ ዓመት ብየዳው የለቀቀ ካለ በያጅ ልከን በነጻ እንጠግናለን። ብረቱ ተገዝቶ ሲገባ መጥተው ማየት ይችላሉ።

የብረት ዋጋ ስለማይረጋጋ ይህ ሐሳብ እስከ ሐምሌ 15 ይጸናል። ከተስማሙ ውሉን እናዘጋጃለን።»

ጥቂት ነገር ልብ ይበሉ። ዋጋውን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፤ «ይቅርታ» የለበትም፣ «እባክዎ ይረዱን» የለበትም፣ የኑሮ ውድነት ሐተታም የለበትም። ምክንያት በበዛ ቁጥር ደንበኛው የሚከራከርበት ነገር ይበዛል። «ለጊዜው»ም አይጻፍ፤ ያቺ አንዲት ቃል ነገ ይቀነሳል ማለት ናት። ቅድመ ሁኔታው ከምርቃቱ በፊት መምጣቱም አለምክንያት አይደለም። ምርቃቱ ከቀደመ አንባቢው ያንን ይዞ ሌላውን ሳያነብ ያልፋል። 9,000 ብሩ በቁጥር የተጻፈው ደግሞ የሚደራደርዎ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ስላልሆነ ነው። ርእሰ መምህሩ ወይም የግዢ ሠራተኛው አለቃው ዘንድ ሲገባ «ይህን አስጨምሬያለሁ» የሚልበት ነገር ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩን እርስዎ ካልሰጡት ሌላ የሚያሳየው ቅናሽ ብቻ ነው።

ተመልሰው ሲመጡ

ይመጣሉ። የተለመደው «ምርቃቱም ይሁን፣ 10 በመቶም ይቀነስ» ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ ይህን መመለስ ይበቃል፦ «የላክነው ሐሳብ ባለበት ነው። ጠቅላላው ገንዘብ መውረድ ካለበት ዕቃውን አብረን እንቀይር።» ቱቦላሬውን ከ1.5 ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር ማውረድና ገጹን ማቅለል ከአንዱ 300 ብር ከቀነሰ 4,700 ብር ይሆናል። ይህ ሌላ ዕቃ ነው፣ ሌላ ፕሮፎርማም ይጻፍለት። ለታችኛው ክፍል ልጆች ይበቃል፤ ለትልልቆቹ ግን ሲወዛወዙበት እግሩ እንደሚጎብጥ ይንገሩ። ከዚያ በታች አይውረዱ። 1 ሚሊ ሜትር በኤሌክትሮድ ሲበየድ በቀላሉ ይበሳል፣ የተበሳውም በቀለም ተሸፍኖ ይሄዳል፣ ከዚያ የአንድ ዓመት ጥገናው ሁሉ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ትልቁ ስህተት ዋጋውን ቀንሶ ብረቱን በድብቅ ማሳነስ ነው፤ ውፍረት በካሊፐር ይለካል፣ የዴስኩ ክብደትም ሲነሳ ራሱ ይናገራል።

አሁንም እምቢ ካሉ ይተዉት፤ ስልኩን ግን ክፍት ያድርጉ። በነሐሴ አጋማሽ ርካሹ ወርክሾፕ ያላደረሰላቸው ትምህርት ቤቶች መደወላቸው የታወቀ ነው። ያን ጊዜም ዋጋው ከ5,000 አይወርድም፤ ማጓጓዣው ግን ምርቃት አይሆንም፣ መመለሻ መኪና የሚጠበቅበት ጊዜ የለምና።

ከተስማሙ ውሉ ላይ የዋጋው መስመር 5,000 ብር ሆኖ ይጻፍ፤ 15 በመቶ ቫቱ በራሱ መስመር፣ ምርቃቶቹም ከሥር ለየብቻ። በእያንዳንዱ ምርቃት ፊት «ለዚህ ትዕዛዝ ብቻ» የሚል ይጨመር። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ደንበኛው ከፋይሉ የሚያወጣው ያንን ወረቀት ነው።