ኬኤንኤን ጎረቤቱን ሲስት፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

በካዛንቺስ፣ በሜክሲኮና በፒያሳ ዙሪያ የወጡ የቤት ኪራይ ማስታወቂያዎች አሏችሁ እንበል። እያንዳንዱ ቤት «ለመኖሪያ» ወይም «ለቢሮ» ተብሎ ተለይቷል። አዲስ ማስታወቂያ ሲመጣ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲለየው ትፈልጋላችሁ። ለዚህ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ኬኤንኤንን፣ ማለትም አዲሱን ነገር በቅርብ ጎረቤቶቹ የሚለየውን ዘዴ ነው። ጥሩ ጅምር ነው።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። `fit` ስትሉት፣ ማለትም ተማር ስትሉት፣ የሚማረው ነገር የለም፣ ዳታውን ያስቀምጣል እንጂ። ሥራው የሚጀምረው ጥያቄ ሲመጣ ነው። አዲሱ ቤት ከተቀመጡት ቤቶች ከእያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል። ከዚያ በጣም ቅርብ የሆኑትን k ቤቶች መርጦ ድምፅ ያሰጣቸዋል። በፓይተኑ ላይብረሪ በ`scikit-learn` ካልነካችሁት k 5 ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ቢሮ ከሆኑ መልሱ ቢሮ ነው፤ በቃ።

እንግዲህ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ርቀት ላይ ነው። ሲበላሽም መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ምልክት፦ አንዱን ዓምድ ብታወጡትም ብታስገቡትም ውጤቱ ንቅንቅ አይልም

ይሄ ቀላሉ ነው። ሁለት ዓምድ ብቻ እንውሰድ፦ የወር ኪራይ በብር፣ ከአስፋልት ያለው ርቀት በእግር ደቂቃ። አዲሱ ቤት 60,000 ብር ነው፣ ከአስፋልት 2 ደቂቃ። ከተቀመጡት አንዱ 60,500 ብር ሆኖ 12 ደቂቃ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ መኖሪያ ነው። ሌላው 62,000 ብር ነው፣ እሱም 2 ደቂቃ፤ ቢሮ ነው።

እንዳለ ስታሰሉት የመጀመሪያው 500 ገደማ ይርቃል፣ ሁለተኛው 2,000። ስለዚህ መኖሪያው ያሸንፋል። የአሥር ደቂቃው ልዩነት የት ገባ? ብሩ ዋጠው። ኬኤንኤን ብርና ደቂቃ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አያውቅም፤ ለእሱ ሁለቱም ቁጥር ናቸው።

መፍትሄው እያንዳንዱን ዓምድ በራሱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካዩ በተለምዶ በሚርቁት መጠን፣ ማካፈል ነው፣ `StandardScaler` የሚሠራው ይህንኑ ነው። የኪራዩ 20,000 ብር፣ የደቂቃው 4 ይሁን። አሁን መኖሪያው 2.5 ይርቃል፣ ቢሮው 0.1። ፍርዱ ተገለበጠ። ስኬሉን ከመለማመጃው ዳታ ብቻ አስሉት፣ የመፈተኛውን አትቀላቅሉበት።

ምልክት፦ k 1 ሲሆን ውጤቱ ለማመን የሚያስቸግር ጥሩ ነው፣ በአዲስ ማስታወቂያ ላይ ግን ይወድቃል

የአዲስ አበባን የኪራይ ገበያ የሚያውቅ ሰው ይሄን ቶሎ ይገምታል። አንዱን ቤት ሦስት ደላላ ይለጥፈዋል። አንዱ ቅጂ መለማመጃ ውስጥ፣ ሌላው መፈተኛ ውስጥ ሲገባ ርቀቱ ዜሮ ይሆናል። ሞዴላችሁ የለየው ነገር የለም፣ ያንኑ ቤት አገኘው እንጂ። ዳታውን ከመክፈላችሁ በፊት ድግግሞሹን አጥሩ።

ምልክት፦ ዓምድ በጨመራችሁ ቁጥር እየባሰ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ሁሉንም «መኖሪያ» ይላል

ዋናው ችግር ይሄ ነው። በሁለት ዓምድ ጥሩ ይሠራ የነበረ ሞዴል «ትንሽ መረጃ ይጨመርለት» ተብሎ ይጀመራል። የፎቶ ብዛት፣ የተለጠፈበት ሰዓት፣ የማስታወቂያው ርዝመት፣ በጽሑፉ ያሉት ቃላት... ሳይታወቅ 200 ዓምድ ይሞላል። መረጃ ሲበዛ ይሻላል ብሎ ማሰብ ያለ ነው፤ ኬኤንኤን ላይ ግን አይሠራም።

ምን እንደሚሆን በቁጥር እንየው። ሁለቱ ጠቃሚ ዓምዶች እንዳሉ ናቸው። የቀሩት 198ቱ ከጥያቄው ጋር የማይገናኙ፣ እርስ በርሳቸውም የማይያያዙ፣ ስኬላቸው የተስተካከለና የደወል ቅርጽ ያላቸው ይሁኑ። ርቀት ሲሰላ የእያንዳንዱ ዓምድ ልዩነት በራሱ ተባዝቶ ይደመራል። ከእነዚህ አንዱ በአማካይ 2 ይጨምራል። 198ቱ ሲደመሩ 396 ናቸው።

ይሄ ለሁሉም ቤት እኩል ቢደመር ኖሮ ምንም ባልጎዳ፤ ቅደም ተከተሉ አይለወጥምና። ችግሩ እኩል አለመሆኑ ነው። ከቤት ቤት 34 ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። መኖሪያውን ከቢሮው የለየልን ልዩነት ግን በዚሁ ስሌት 6.24 ብቻ ነበር። ስለዚህ አሁን «ቅርብ ጎረቤት» ማለት ምናልባት በተመሳሳይ ሰዓት የተለጠፈ፣ የፎቶው ብዛት የገጠመ ቤት ነው። አምስት ቤት በዕጣ እንደ መምረጥ ነው። በዕጣ የተመረጡ አምስት ቤቶች ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበዛው በዳታው ውስጥ የበዛው ዓይነት ነው። «ሁሉንም መኖሪያ ይላል» የሚለው ምልክት የሚመጣው ከዚህ ነው። k መጨመርም አያድንም፣ ዕጣውን ያበዛዋል እንጂ።

ሁሉም ዓምዶች ጠቃሚ ቢሆኑስ? እርስ በርስ እስካልተያያዙ ድረስ ርቀቱ ሌላ ጣጣ አለው። ከ0 እስከ 1 ባለ ሳጥን ውስጥ ነጥቦችን በዘፈቀደ በትኑ። በ100 ዲሜንሽን፣ ማለትም በ100 ዓምድ፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 4.1 ገደማ ነው፣ በ1,000 ዲሜንሽን 12.9። ከአማካዩ ወዲህና ወዲያ የሚለው ግን በሁለቱም 0.24 አካባቢ ነው። ርቀቱ ያድጋል፣ መለያየቱ አያድግም። 500 ነጥብ ይዛችሁ በ1,000 ዲሜንሽን ብትፈልጉ በጣም ሩቁ ነጥብ በጣም ቅርቡን የሚበልጠው በአሥር በመቶ ገደማ ነው። በሁለት ዲሜንሽን ግን በብዙ አሥር እጥፍ ነበር። ተመራማሪው ቤየርና ባልደረቦቹ በ1999 ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ሁኔታው ከተሟላ፣ ዲሜንሽኑ ሲጨምር የሩቁና የቅርቡ ጥምርታ ወደ 1 ይጠጋል።

በእናንተ ዳታ ላይ ደርሶ እንደሆነ በሁለት መስመር ይታያል፦

```python
d, _ = knn.kneighbors(X_test, n_neighbors=len(X_train))
print(np.median(d[:, -1] / d[:, 4]))
```

የሩቁን ቤት ርቀት ለአምስተኛው ጎረቤት ርቀት ያካፍላል። አምስተኛውን የመረጥኩት የደላሎቹ ቅጂ ዜሮ እንዳያመጣብን ነው። ቁጥሩ 1.2 አካባቢ ከሆነ «ቅርብ» የሚለው ቃል ትርጉም አጥቷል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ችግራችሁን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

መፍትሄው ላይ ብዙ ሰው ወደ ፒሲኤ፣ ማለትም ብዙ ዓምዶችን ወደ ጥቂት አዳዲስ ዓምዶች ወደሚጨምቀው ዘዴ ይሮጣል። ፒሲኤ የሚረዳው ዓምዶቹ ሲያያዙ ነው፣ ለምሳሌ ስፋት፣ የክፍል ብዛትና የመታጠቢያ ብዛት አብረው ሲጨምሩ። በእጅ የተጻፉ አኃዞች ምስል 28 በ28፣ ማለትም 784 ፒክስል ሆኖ ኬኤንኤን ጥሩ የሚሠራበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ፒክስሎቹ ተያይዘው ስለሚሄዱ እውነተኛው ዲሜንሽን በጣም ያነሰ ነው። ከላይ እንዳየናቸው ባሉ 198 ያልተያያዙ ዓምዶች ላይ ግን ፒሲኤ አቅም የለውም። ሁሉም ስርጭታቸው እኩል ነው፣ እሱ ደግሞ መኖሪያና ቢሮ የሚለውን መለያ አያይም።

እኔ የምመርጠው ከታች መጀመር ነው። ከሁለት ዓምድ ተነሱ፣ አንድ በአንድ ጨምሩ፣ በክሮስ ቫሊዴሽን፣ ማለትም የመፈተኛውን ክፍል እያፈራረቃችሁ ስትፈትኑ፣ ውጤቱን ያላሻሻለውን መልሳችሁ አውጡት። አሰልቺ ነው ግን ይሠራል። ዓምዱ ከበዛ `NeighborhoodComponentsAnalysis` መለያውን እያየ ለዓምዶቹ ክብደት ይሰጣል፤ ዳታው ትንሽ ከሆነ ግን መለማመጃውን ሸምድዶ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ርቀቱን ወደ ማንሃተን፣ ማለትም ልዩነቶቹን በራሳቸው ሳያባዛ ወደሚደምረው ስሌት፣ መቀየር ጥቂት ሊያግዝ ይችላል፤ እሱም ቢሆን በብዙ ዲሜንሽን ያው ነው። ዓምዶቹን መቀነስ ካልቻላችሁ ደግሞ ኬኤንኤንን ትታችሁ የብዙ ውሳኔ ዛፎችን ድምፅ የሚሰበስበውን ራንደም ፎረስት ሞክሩ። እሱ ዓምዶቹን አንድ ላይ ደምሮ ርቀት አያሰላም፣ በየቅርንጫፉ የሚጠቅመውን ይመርጣል።