የእንግሊዝ የሥራ ልምዴ እንዴት ተያዘልኝ

ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻዬን መለሰው። ለዲግሪዬ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ስላለኝ ጥያቄ አልተነሳበትም። ያስቸገረው የሥራ ልምዱ ነው። ከለንደን ያመጣሁት ደብዳቤ የሥራ መደቤንና የሠራሁበትን ጊዜ ብቻ ይላል። እዚያ ይበቃል።

«ወንድሜ፣ ደመወዝና የሥራ ግብር ካልተጠቀሰ ልምዱን መያዝ አንችልም» አሉኝ የሰው ኃይል ባለሙያዋ። አሠራሩ ስለሆነ አልተከራከርኩም።

መፍትሔው ፒ60 ሆነ። የእንግሊዝ ቀጣሪ በየዓመቱ የሚሰጠው ወረቀት ነው፤ ኤፕሪል 5 በሚያልቀው የግብር ዓመት የተከፈለውን ደመወዝና የተቆረጠውን ግብር ያሳያል። ከ2018 እስከ 2021 ያሉትን አራቱንም አያያዝኩ። የቀሩት ወራት ስንለቅ በሚሰጠን ፒ45 ተሸፈኑ።

ከላይ አንድ ገጽ ማብራሪያ ጨመርኩ። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2017ን መስከረም 8 ቀን 2010፣ ኦገስት 31 ቀን 2021ን ነሐሴ 25 ቀን 2013 ብዬ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። በየዓመቱ አንጻርም ደመወዙንና ግብሩን በፓውንድ ጻፍኩ። ወደ ብር አልቀየርኩትም፤ ቁጥሩ ከዋናው ወረቀት ጋር ካልገጠመ ሌላ ጥያቄ ይመጣል።

ባለሙያዋ መስመር በመስመር አመሳክረው 3 ዓመት ከ11 ወር ያዙልኝ። የተጠየቀው 3 ዓመት ነበር።