የሥራ ማስታወቂያን በሠንጠረዥ መከታተል፦ በሳምንት ለስንቱ ላመልክት?

አንዱ ማስታወቂያ ሦስት የቴሌግራም ቻናል ላይ ይወጣል፣ እሁድ ደግሞ ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ታገኙታላችሁ። ስክሪንሾት ማጠራቀሙን ተዉትና ጉግል ሺትስ ክፈቱ።

ሰባት ዓምድ ይበቃል። ከA ጀምሮ፦ የሥራ መደብ፣ ድርጅት፣ የወጣበት ቀን፣ ስንት የሥራ ቀን እንደተሰጠ፣ መዝጊያ፣ ደረጃ፣ የፈጀው ሰዓት። ደረጃው «ታየ»፣ «ተመረጠ»፣ «ተላከ»፣ «ፈተና» ወይም «ተዘጋ» ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሸወደው መዝጊያው ላይ ነው። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ሲል የወጣበትም ቀን ይቆጠራል ብላችሁ ያዙት። ስለዚህ E2 ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=WORKDAY(C2-1,D2)
```

ሰኞ ከወጣ አርብ ይላችኋል። -1 ባይኖር ኖሮ ቀጣዩን ሰኞ ያሳይና ቁጭ ብላችሁ ቀኑ ያልፋችሁ ነበር። ቀመሩ በዓል ስለማያውቅ በመሃል በዓል ካለ ቀኑን ያስቀድመዋል፣ ይሄ አይጎዳም። «የሥራ» የሚለው ቃል ከሌለና «ተከታታይ ቀናት» ብቻ ካለ ግን ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራሉ፣ ያኔ `=C2+D2-1` ነው። C ላይ የሚገባው በፈረንጅ አቆጣጠር ሆኖ የመጀመሪያው ማስታወቂያ የወጣበት ቀን እንጂ ቻናሉ መልሶ የለጠፈበት አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ቀን ቀን የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እንውሰድ። ረቡዕ ማታና ቅዳሜ ጠዋት ተደምሮ በሳምንት 6 ሰዓት አላት። ሁለቱን ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ ዝግጅት ታስቀምጣለች፣ 4 ቀራት። ሲቪ ማስተካከልና ማመልከቻ መጻፍ በG ዓምዷ መሠረት በአማካይ 2 ሰዓት ይፈጅባታል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት፣ በቃ። ሠንጠረዡ ላይ ሃያ «ታየ» ቢኖርም «ተመረጠ» የሚባሉት ሁለት ናቸው። ማስረጃ ኮፒ ይዞ በአካል መቅረብ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ቀን ስለሚበላ ያን ሳምንት እሱ ብቻውን ይሆናል። ለጽሑፍ ፈተና ከተጠራች አዲስ ማመልከቻ ዜሮ ነው፣ የተከፈተ በር ትቶ አዲስ ማንኳኳት አያዋጣም።

ሁለቱን ስትመርጥ መጀመሪያ የምታየው የሥራ ልምዱን ነው። 5 ዓመት ተብሎ እሷ 3 ካላት ትለፈው፣ ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ማጣሪያ በወረቀት ነውና። ከቀሩት ውስጥ መዝጊያው የቀረበው ይቅደም፣ ነገ የሚዘጋው ግን አይደለም። እሱን ለማድረስ ሌሊት መቀመጥ ነው ሰውን የሚጨርሰው።

አሥር ተልኮ አንድም ጥሪ ካልመጣ ቁጥሩን አትጨምሩ፣ ሲቪውን ወይም የምትመርጡትን የሥራ መደብ ቀይሩ። ከተዘጋ ስድስት ሳምንት አልፎት ድምፁ የጠፋውን ደግሞ «ተዘጋ» በሉት። ብዙ መሥሪያ ቤት የሚደውለው ላለፉት ብቻ ነው። ቢደውሉም ረድፉ እዚያው ስላለ የትኛው ድርጅት፣ የትኛው መደብ እንደነበር ወዲያው ታገኙታላችሁ።